ሸማኔው ሊናገር ሲል ተራኪው ቀደመው

ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው ሰፈር፣ አንድ ወጣት ሃያ ገጽ ያህል ወረቀት ይዞ መጣ። እናቱ እዚያው አካባቢ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። እሱ ደግሞ ቀሚሶቹ የሚሠሩበትን ቦታ ለማየት አዲስ አበባ ሄዶ፣ ሽሮ ሜዳ ውስጥ አንድ የሸማኔ ቤተሰብ ዘንድ ሦስት ሳምንት ቀርጾ ተመልሷል። ፊልሙ 26 ደቂቃ ነው። «ጋሼ፣ ትረካውን ብቻ እይልኝ፤ አማርኛው እንዳያሳፍረኝ» አለኝ።

አማርኛው አያሳፍርም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ስለ እጅ ሥራ በሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞቻችን ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስለሆነም እዚህ ልጽፈው ወደድኩ። ወጣቱንም ቤተሰቡንም በስም አልጠራም፤ ፊልሙ ገና አልተጠናቀቀም።

ጽሑፉ እንደ ወጉ በሁለት ዓምድ ተከፍሏል። በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። በቀኙ ዓምድ የተራኪውን ቃል በቀይ፣ የቤተሰቡን ቃል በሰማያዊ እርሳስ አሰመርኩበት። ከዚያ ሰዓት ይዤ ቀዩን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ 11 ደቂቃ ወሰደ። ለ26 ደቂቃ ፊልም ብዙ ነው፤ ይሁንና ያስደነገጠኝ ብዛቱ አልነበረም። በየትዕይንቱ ቀዩ ከሰማያዊው በፊት ይመጣል። ተራኪው ሁልጊዜ ቀድሞ ይናገራል፤ ሸማኔው ተከትሎ ያጸድቅለታል።

የመጀመሪያውን ትዕይንት እንይ። አባትየው በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግሮቻቸው ጉድጓዱ ውስጥ ካሉት መርገጫዎች ላይ ናቸው። አንዱን ሲረግጡ የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በመሃል በተከፈተው ክፍተት መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ያልፋል፤ ማጉ ይጠብቃል፤ ሌላው እግር ይረግጣል። ተራኪው በዚህ ምስል ላይ እንዲህ ይላል፦ «የሽመና ጥበብ የእጅና የእግር ፍጹም ቅንጅት የሚጠይቅ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው።» ወዲያው አባትየው ይመጣሉ፦ «እግሬ ካልሰማ እጄ አይሠራም። ልጄን መጀመሪያ ያስተማርኩት መርገጥ ነው፤ መወርወሩን በኋላ ራሱ ያገኘዋል።»

ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት፤ የአባትየው ግን ሥራውን ከሚያውቅ ሰው አፍ የወጣ ነው፤ ትምህርቱ ከእግር እንደሚጀምርም ይነግረናል። ተራኪው ቀድሞ «የእጅና የእግር ቅንጅት» ስላለ ግን አባትየው ሲናገሩ የሰማነውን እንደደገሙ ሆነው ይታያሉ። የራሳቸውን ዕውቀት ተራኪው ወስዶ፣ አደብዝዞ መልሶላቸዋል።

ለወጣቱ የነገርኩት ዘዴ ቀላል ነው። ቀዩን በሙሉ በመዳፍህ ሸፍን፤ የቀረውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብብ። ተመልካች በእውነት የሚጠፋበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ፤ ትረካ የሚጻፈው ለዚያ ብቻ ነው። ከሃያ ገጹ ምልክት ያገኙት ሰባት ቦታዎች ብቻ ነበሩ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሎስ አንጀለስ ስንሻገር፣ ዓመት ሲያልፍ፣ አንድ ሰው ያለ ስም ብቅ ሲል፣ የመሳሰሉት።

ይህ የሚሠራው ግን ቃለ ምልልሱ በደንብ ከተጠየቀ ነው። «ሽመና ከባድ ነው?» ተብለው የተጠየቁ ሰው «አዎ፣ በጣም» ብለው ያቆማሉ፤ ያ መልስ ለብቻው አይቆምምና ተራኪ ይጠራል። «የመጀመሪያውን ነጠላዎን የሠሩበትን ቀን ይንገሩኝ» የተባሉ ሰው ግን ታሪኩን ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ የትረካ መብዛት የደካማ ጥያቄ ማስታመሚያ ነው።

ሁለተኛው ችግር የእኛን የውጭ ነዋሪዎቹን በተለይ ይነካል። ቤተሰቡ የመጡት ከጋሞ ደጋ ነው። እርስ በርስ በቋንቋቸው ያወራሉ፤ ለካሜራው አማርኛ ይናገራሉ፤ ፌርፋክስ የተወለደው ተመልካች ደግሞ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያነባል። ወጣቱ የአባትየውን ንግግር በብዛት ያስገባው እጃቸው በሚታይበት ምስል ላይ ነው። ዓይን ግን አንድ ነው። ከሥር የሚያነብ ሰው መወርወሪያውን አያይም፤ መወርወሪያውን የሚያይ አያነብም። ስለዚህ ንግግሩ ፊት ላይ ይሁን፤ እጅ ሲታይ ንግግርም ትረካም ይቁም፤ የመወርወሪያው ኳኳታና የመርገጫው ድምፅ ብቻ ይሰማ። እንደ ዕድል ሆኖ ማንም ሳይናገር የተቀዳ የሽመና ድምፅ ነበረው። አርባ ሰከንድ ሙሉ እንዲተወው ስነግረው «ሰው አይሰለችም?» አለኝ።

እዚሁ ጎረቤት አገር ልውሰደው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሶል ዎርዝ እና ጆን አዴር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሪዞና ውስጥ ፓይን ስፕሪንግስ በተባለ የናቫሆ መንደር ሄደው ለነዋሪዎቹ ካሜራ ሰጡ። ሱዚ ቤናሊ የምትባል ሴት እናቷን አልታ ካንን ሲሸምኑ ቀረጸች። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ተራኪ የለም፤ ቃለ ምልልስም የለም። ከዚያ በላይ የሚያስገርመው ግን አብዛኛው ፊልም ሽመና አለመሆኑ ነው። ሱፉ ይዘጋጃል፣ ማቅለሚያው ይለቀማል፣ ሰው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ለባዕድ ዓይን «መቼ ነው የሚጀመረው?» የሚያሰኝ ነው። ለሱዚ ግን ሽመናው ያኔ ተጀምሯል። አንድ ተራኪ ቢኖር ያን መንገድ «ከረጅም ዝግጅት በኋላ» ብሎ በሦስት ቃል ይዘለው ነበር። በቤተሰብ ሥራ ላይ ትረካ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል፦ ሥራ የሚበዛበትን ያሳጥራል፣ የሚያምረውን ያስረዝማል።

በእኛ ወጣት ጽሑፍም የተዘለለው እናትየው ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስድስት ሰከንድ፣ እንዝርት ሲያሾሩ ይታያሉ፤ ተራኪውም «ሙሉ በሙሉ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ» ይላል። ምስሉን አቁሜ አሳየሁት። ከእናትየው ጀርባ ግድግዳው ሥር የፋብሪካ ክር ጥቅልሎች ተደርድረዋል። ዛሬ በአብዛኛው የሽሮ ሜዳ ሥራ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው። ምክንያቱም ነውር የለበትም፦ ድር ተወጥሮ ስለሚሠራ እኩልና ጠንካራ ክር ይፈልጋል፤ ማግ ደግሞ ለጨርቁ ልስላሴውን ይሰጠዋል። ነጠላውን ወደ መስኮት ያነሣ ሰው ይለየዋል፤ በአንዱ አቅጣጫ ክሩ ወጥ ነው፣ በሌላው ወፈር ቀጠን ይላል።

ተራኪው የዋሸው ለማሳመር ብሎ ነው። ነገር ግን በዚያች አንድ ሐረግ የእናትየው ሥራ ጠፋ። «ሁሉም በእጅ» ከተባለ የእሳቸው እጅ የቱ እንደሆነ አይታይም። ባልተጠቀመበት ቅጂ ውስጥ እናትየው ራሳቸው «ድሩን እንገዛዋለን፤ ማጉ የኔ ነው» ይላሉ። ያችን ቃል አስገብቶ ትረካውን መሰረዝ ብቻ ነበር የሚፈለገው።

እስካሁን ተራኪውን ዝም በል ስል ቆየሁ። አሁን ግን መናገር ሲገባው ዝም ያለበት ቦታ ላይ ደረስን።

በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ከአባትየው ኋላ፣ በምስሉ ጠርዝ፣ አንድ ልጅ ማግ በቀሰም ያጠነጥናል። በሃያኛው ደቂቃ ያው ልጅ ሌላ የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጦ ይወረውራል። ዓሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አባትየው «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ከአገር ቤት መጥቶ እኛ ጋ ነው» ይላሉ። ተራኪው ወዲያው ስለ ጥለት ቀለማት ማውራት ይጀምራል።

ከጋሞ ደጋ ልጆች ለሽመና ወደ አዲስ አበባ መምጣታቸው የታወቀ ነው። አንዳንዱ በእውነት ዘመድ ጋር አድሮ፣ ትምህርት ቤት ውሎ፣ ማታ ሙያ ይማራል። አንዳንዱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለ ክፍያ ይሠራል። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሕፃናትና የግዳጅ ጉልበት አለባቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው ዕቃዎች መካከል የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ውጤቶች ይገኛሉ። ይህ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከፊልሙ አላውቅም። ተመልካቹም አያውቅም፤ ግን ያያል። ያየውን ተራኪው ሲዘለው ፊልሙ ሁለት ሰው ይበድላል፦ ልጁን፣ ደግሞም ምናልባት ንጹሕ የሆኑትን አባት። ዝምታው ጥርጣሬውን እሳቸው ላይ ጥሎ ይሄዳል።

«ጠይቀሃል?» አልኩት። ጠይቋል። ልጁ ጠዋት ይማራል፣ አምስተኛ ክፍል ነው፣ ከሰዓት ይሠራል፤ ክፍያው ለወላጆቹ ይላካል፤ ስንት እንደሆነ አባትየው አልነገሩትም። «ታዲያ ለምን አልተጻፈም?» ትንሽ ቆይቶ «እናቴ ናት የምትሸጠው» አለኝ።

የዚህ ፊልም ተራኪ ማን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እስካሁን ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያውቅ፣ ስም የሌለው ድምፅ ነበር። እውነተኛው ተራኪ ግን በእነዚያ ቀሚሶች ገቢ ያደገ ልጅ ነው። ሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል»ን ስትሠራ ስለ አብዮቱ ዘመን የምትተርከው ወንድሙን እንዳጣ ሰው፣ በራሷ ድምፅ ነው። ከየት ሆና እንደምትናገር ስለምናውቅ ለቃሏ ምን ያህል እንደምንሰጥ እናውቃለን። የወጣቱም ትረካ «እኔ» ማለት አለበት። ቤተሰቡ ስለ ልጁ ሁሉን እንዲናገሩ ማስገደድ አይችልም፤ የጠየቀውን፣ የተመለሰለትንና ያልተመለሰለትን መናገር ግን የሱ ፈንታ ነው። ከፊልሙ ሁሉ በእውነት ተራኪ የሚያስፈልገው ይህ ቦታ ነው፤ ሌላ ማንም አይለውምና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ጽሑፍ አመጣ። ቀዩ ከአምስት ደቂቃ በታች ወርዷል። እናትየው ሦስት ደቂቃ አግኝተዋል። የአርባው ሰከንድ ዝምታ ሃያ አምስት ሆኗል፤ አልተከራከርኩም። በሃያኛው ደቂቃ ላይ አራት ዓረፍተ ነገር ገብቷል፦ «ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠየቅኩ። ከሰዓት ብቻ አሉኝ። ስንት እንደሚከፈለው ጠየቅኩ፤ አልነገሩኝም። ይህን ጨርቅ እናቴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትሸጠዋለች።»

አራቱን ዓረፍተ ነገር ሲያነብልኝ ድምፁ ትንሽ ፈጠነ። ቀስ ብሎ እንዲያነበው ነገርኩት። እናቱ ገና አልሰማችም፤ ቅዳሜ ሱቁን ከዘጋች በኋላ ሊያሳያት ነው።