ያላዩትን ሰው መሰናበት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ አንድ አባት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የልጁን መርዶ ለማያውቃቸው ሰዎች ጻፈ። ሟቹ ማትስ ስቴን ይባላል፤ ዕድሜው 25 ነበር። ዱሼን የሚባለው ጡንቻን እያመነመነ የሚሄድ በሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለያዘው ኑሮው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜውን ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተሰኘው የኢንተርኔት ጨዋታ ያሳልፍ ነበር። ወላጆቹ የሚያንገበግባቸው ሞቱ ብቻ አልነበረም። ልጃችን ጓደኛ ሳያፈራ፣ ፍቅር ሳያይ፣ ለሰው ሳይተርፍ ሄደ ብለው ያምኑ ነበር። ማትስ የብሎጉን የይለፍ ቃል ትቶላቸው ስለነበር አባትየው በዚያ ገብቶ ልጁ ማረፉን ተናገረ፤ መጻፍ ለሚፈልግ ሰውም የኢሜይል አድራሻውን ከሥር አስቀመጠ።

ኢሜይሎቹ መጡ። ከአንድ አገር ብቻም አልነበረም።

ጸሐፊዎቹ ማትስን የሚያውቁት ኢብሊን በሚል የጨዋታ ስሙ ነው። «ስታርላይት» የተባለ ማኅበር አባላት ሲሆኑ ብዙዎቹ ድምፁን እንኳ አልሰሙም፤ ሕመሙን ስለሚደብቅ ሌሎቹ በድምፅ ሲያወሩ እሱ በጽሑፍ ብቻ ይመልስ ነበርና። አንዲት ሆላንዳዊት የጻፈችው ታሪክ እንዲህ ነው። ልጅ ሳለች የትምህርት ውጤቷ አሽቆልቁሎ ወላጆቿ ጨዋታውን ከለከሏት። ኢብሊን የጠፋችበትን ሰበብ ሲሰማ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጨዋታው ለልጃቸው ምን ማለት እንደሆነ በአክብሮት አስረዳቸው። ይህ ወጣት በገዛ ቤቱ ለማንም አይጠቅምም ተብሎ የታዘነለት ያው ወጣት ነው። ለቀብሩ ከውጭ አገር ድረስ የመጡ የማኅበሩ አባላት ነበሩ። ታሪኩን ኖርዌያዊው ዳይሬክተር ቤንጃሚን ሬ በ2024 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ተርኮታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሰዎች «እስቲ አስተካክልልኝ» እያሉ የሚሰጡትን የሐዘንና የስንብት ደብዳቤ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። የማትስን ታሪክ ባነበበ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የያዘው የአባትየው እንባ ሳይሆን የኢሜይሎቹ አሠራር ነበር። የሚሠሩት ለምንድን ነው? ሆላንዳዊቷ «ልጃችሁ ደግ ነበር» ብላ ብታቆም ኖሮ ወላጆቹ አመስግነው ያልፉት ነበር፤ ደግ ነበር የማይባል ሟች የለም። እሷ ግን አንድ ቀን የተደረገ አንድ ነገር ተናገረች። ወላጆቹ በዚያ ልጃቸውን የማያውቁት ቦታ ላይ አዩት።

አቅራቢው እጅ የሚገቡት ረቂቆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ያላዩት ሰው ሲሞት እጅ ወደ ተለመደው ቃል ይሮጣል። «ፈገግታህ ከዓይኔ አይጠፋም» ይላል አንዱ፣ ፈገግታውን ሳያይ። «ሳቅና ጨዋታሽ» ትላለች ሌላዋ፣ ሳቋን «ሃሃሃ» ተብሎ ተጽፎ ካላነበበች በቀር ሳትሰማ። ቃሉ የጎረቤትና የባልንጀራ ቃል ስለሆነ ቤተሰቡ ሲያነበው ይጠራጠራል፤ ይህ ሰው መቼ አየው? የርቀት ወዳጅ ያለው ንብረት ሌላ ነው፦ የተጻፈ ነገር፣ ቀንና ሰዓት ያለው ነገር።

ደግሞም ያላዩትን ሰው ማልቀስ ለእኛ አዲስ አይደለም። በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወጣው አስለቃሽ ሟቹን በሕይወቱ ላታውቀው ትችላለች። ስለዚህ አስቀድማ ትጠይቃለች፤ የማን ልጅ ነው? ምን ሠራ? ማንን አሳደገ? ከዚያ በኋላ ነው «አንተ» ብላ ፊት ለፊት የምትጠራው። ጥሩ ሰው ነበር አትልም፤ ያደረገውን ታነሣለች፣ ለቀስተኛው የጥሩነቱን ፍርድ ራሱ ይሰጣል። የሩቅ ወዳጅም ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ጥያቄውን የሚያቀርበው ለዘመድ ሳይሆን ለቆየው የመልእክት ክምር መሆኑ ነው። ብዕር ከማንሣት በፊት ወደ ኋላ ተመልሶ መልእክቶቹን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ትዝታ ነገሩን ያሳምረዋል፣ መልእክቱ ግን የነበረውን ይዞ ይቆያል።

አንድ ምሳሌ ከነዝርዝሩ እንመልከት። በባሕር ዳር የሚኖር አንድ የሒሳብ መምህር አለ እንበል፤ ሪያድ ካለ ሾፌር ጋር 4 ዓመት በስልክ ቼዝ ተጫውቷል። አንድ ሳምንት መልስ ጠፋ፣ ከዚያ አንድ ወር።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ሥራ ማረጋገጥ ነው። ዝምታ ሞት አይደለም። ስልክ ይሰረቃል፣ ሰው ይታሰራል፣ ወይም ዝም ማለት ይፈልጋል። ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተን አካውንት በራሱ ያጠፋና በስሙ ቦታ Deleted Account ብሎ ይተካዋል፤ ባለቤቱ ራሱም ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አይቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ የሚለጥፍ ሰው በሕይወት ያለን ሰው ሊገድል ይችላል።

እርግጡ ከታወቀ በኋላም የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ለእናቱ ተነግሯል? መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተነግሮት፣ በአብዛኛው ጎሕ ሲቀድ ነው የሚረዳው። ልጅ በሰው አገር ሲሞት እናት ሳትሰማ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። የሩቅ ወዳጅ በስልኩ ቀድሞ የሰማውን በፌስቡክ ቢለጥፈው፣ መርዶ ነጋሪ የሚሆነው የጎረቤት ልጅ ስልክ ነው። መምህሩ በአደባባይ አንድም ቃል ከመጻፉ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።

እንግዲህ መርዶው ተነግሯል፤ መምህሩም የሟቹን እኅት ስልክ አገኘ። የመጀመሪያ ረቂቁ «በወንድማችሁ ድንገተኛ ኅልፈት የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽኩ፣ ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ» የሚል ነው። ስሕተት የለበትም። ሟቹ ይሠራበት የነበረው ድርጅትም ቃል በቃል ይህንኑ ሊልክ ይችላል። ከታረመ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«እኅቴ፣ እኔን አያውቁኝም። ባሕር ዳር የምኖር መምህር ነኝ። ከወንድምዎ ጋር 4 ዓመት በስልክ ቼዝ ተጫውተናል፤ በአካል አልተያየንም። የሚጫወተው የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ሲገባ ነበር። አምና እናቴ ታማ ሦስት ሳምንት ጠፋሁበት። ስመለስ ጨዋታውን እንደነበረ አቆይቶ ‘መጀመሪያ እናትህ እንዴት ናቸው?’ አለኝ። እርስዎ ነርስነት የጨረሱ ዕለት ውጤትዎን የነገረኝ ከሰላምታው በፊት ነው። መልስ ይጻፉልኝ ማለቴ አይደለም። ነፍሱን በገነት ያኑርልን፤ እናንተንም ያጽናችሁ።»

የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ሥራ አላት። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ከማያውቀው ቁጥር መልእክት ሲደርሰው ይደነግጣል፤ ብድር አለኝ የሚል ይሆን? አጭበርባሪ ይሆን? «አያውቁኝም» ብሎ መጀመር ያንን ፍርሃት ይቀንሳል፣ ቀጥሎ የሚመጣው የትና እንዴት እንደተዋወቁ የሚናገረው ቃል ደግሞ ይዘጋዋል። «እርስዎ» የተባለውም በምክንያት ነው፤ ከሟቹ ጋር የነበረው የአንተና የአንተ ቅርበት ወደ እኅቱ አይተላለፍም። የውጤቱ ነገር ደግሞ ለእሷ ብቻ የተላከ ስጦታ ነው፤ ወንድሟ ስለ እሷ ለሰው ምን ይል እንደነበር ከዚህ ሰው በቀር የሚነግራት የለም። መልስ እንደማይጠበቅባት መናገሩም ሸክም ማቅለል ነው። ለቀስተኛ እያስተናገደ ያለ ሰው ተጨማሪ የቤት ሥራ አይሰጠውም።

ከረቂቁ የወጣ ነገርም አለ። መምህሩ ሾፌሩ በምሥጢር የነገረውን የአሠሪ በደል ሊጽፍ ነበር። አቅራቢው እዚህ ላይ ጨከን ያለ ፍርድ አለው፦ ሟቹ ለቤቱ ያልተናገረውን ወዳጁ በሐዘን ደብዳቤ አያወጣም። ፎቶ ላኩልኝ፣ በምን ሞተ የሚልም በዚህ ደብዳቤ ቦታ የለውም።

ቤተሰብ የሩቁን ወዳጅ የሚያይበት ዓይን ሁልጊዜ የምስጋና ብቻ አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። የኒውዮርኳ ጸሐፊ ሔሊን ሃንፍ ከ1949 ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል ለንደን፣ ቻሪንግ ክሮስ መንገድ ቁጥር 84 ላይ ከነበረ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ጋር ተጻጽፋለች። መልስ የሚጽፍላት ፍራንክ ዶኤል የተባለ ሠራተኛ ነበር። ሳይተያዩ በዲሴምበር 1968 ሞተ፤ እሷ የሰማችው በጃንዋሪ 1969 ከመደብሩ ጸሐፊ በተላከ ደብዳቤ ነው። በኋላ ባለቤቱ ኖራ ስትጽፍላት፣ ባሏ በእሷ ደብዳቤዎች ይደሰት ስለነበር አንዳንዴ ትቀና እንደነበር ሳትደብቅ ነገረቻት። እንግዲህ የሩቅ ወዳጅ ለሟቹ ሚስት ወይም ባል ሲጽፍ «ከማንም በላይ የሚቀርበኝ» የሚለውን ቃል ቢተወው ይሻላል። እውነት ቢሆንም።

ለራሱ ለሟቹ የሚጻፈው የመጨረሻ መልእክት ሌላ ችግር አለው። ብዙ ሰው በማይከፈተው ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል ይተዋል፤ አማርኛ ግን እዚያ ላይ ያዳግታል። «ደህና ሁን» በደህና ኑር የሚል ትእዛዝ ስለሆነ ለሙት አይሆንም። «ነፍስ ይማር» ስለ ሟቹ የሚባል እንጂ ለእሱ የሚነገር አይደለም። «በሰላም እረፍ» ከጊዜ ወዲህ የተለመደ ነው፤ ለአቅራቢው ጆሮ አሁንም ከውጭ የመጣ ይመስለዋል። ታዲያ መምህሩ ምን ጻፈ? ከጨዋታቸው ያልተጠናቀቀ አንድ ነበር፣ ተራው የራሱ። ፈረሱን አንቀሳቀሰና ከሥር «ያንተ ተራ ነው» አለ። ይህ ቃል ለሌላ ለማንም አይሠራም፤ ለዚህ ነው አቅራቢው ምንም ሳያርመው የመለሰለት።

መምህሩ የእኅቲቱን ስልክ ለማግኘት ግን ሁለት ወር ፈጅቶበታል፤ የሚያውቀው የሾፌሩን የጨዋታ ስም ብቻ ነበርና። የሩቅ ወዳጅ ያለው አንባቢ ዛሬ ማታ ከሰላምታ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቀው፦ «ብትጠፋብኝ ለማን ልደውል?»