100 ብር ቦነስ ስንት ብር ነው?

አራዳ ውስጥ ውርርድ በመስኮት በኩል በጥሬ ገንዘብ ትኬት እየተቆረጠ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ የመሙያ ቦነስ የሚባል ነገር ብዙም ትርጉም አልነበረውም። ተጫዋቹ 50 ብር ይሰጣል፣ ትኬቱን ይዞ ይወጣል፣ ከቤቱ ጋር ያለው ሒሳብ እዚያው ያልቃል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ገንዘብ ከስልክ ወደ አካውንት መሙላት ቀላል ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ደግሞ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው ብዙ ሱቅና መስኮት አብሮ ሄደ። ተጫዋቹ ግን ስልኩን ይዞ ቀጠለ። አካውንት ካለ ደግሞ ተጫዋቹን መልሶ ማስሞላት ለቤቱ ጥቅም አለው። ሁለቱ ማባበያዎች የመጡት ከዚህ ነው፦ ስትሞላ የሚጨመርልህ ቦነስና ስትበላ የሚመለስልህ ካሽባክ።

እኔ የቁጥር ሰው ነኝ። የሰፈር ልጆች ስልካቸውን አምጥተው «የቱ ይሻላል?» ሲሉኝ መልሱን ወረቀት ላይ አወጣላቸዋለሁ። የሚጠይቁኝ በሳምንት 200 ብር የሚያስይዙ፣ ከዚያም በላይ የማይሄዱ ሰዎች ናቸው። ሒሳቡን የምሠራው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ የማየው ቦነሱን ሳይሆን የቤቱን ድርሻ ነው። አንድ ጨዋታ ላይ ከ2.5 ጎል በላይ 1.85፣ ከ2.5 ጎል በታችም 1.85 ተሰጥቷል እንበል። ቤቱ ሁለቱንም እኩል ያያቸዋል ማለት ነው፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ግማሽ ጊዜ 1.85 የሚከፍል ውርርድ በአማካይ ከ100 ብር 92 ብር ከ50 ይመልሳል። ቀሪው 7 ብር ከ50 የቤቱ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው 200 ብሩን በአራት የ50 ብር ነጠላ ትኬቶች ቢቆርጥ በአማካይ በሳምንት 15 ብር ይከስራል። አንዳንድ ሳምንት ያሸንፋል፣ አንዳንዱን ሙሉ ይበላል፤ የዓመቱ አማካይ ግን ወደዚያ ይጠጋል።

ሦስት ጌም ሲደረደር ድርሻው ይባዛል። 92.5 በመቶ በራሱ ሁለቴ ሲባዛ 79 በመቶ ገደማ ይወጣል፤ ከ100 ብር ወደ 21 ብር ቤቱ ጋ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን አይቆጥረውም፤ ኦዱ 6.33 ሲሆን ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቦነሱ። አንድ የተለመደ ዓይነት ሐሳብ ልውሰድ፦ 200 ብር ሙላ፣ 50 በመቶ ማለትም 100 ብር እንጨምርልሃለን፤ ከማውጣትህ በፊት የቦነሱን 5 እጥፍ ቢያንስ ሦስት ጌም ባለው ትኬት ተጫወት። 5 እጥፉ 500 ብር ነው። በባለ ሦስት ጌም ትኬት 500 ብር መጫወት በአማካይ 104 ብር ያስከፍላል። የተሰጠው 100 ነው። ቦነሱ ሲታይ ባዶ ይመስላል፤ ግን ልጁ ያለ ቦነስም 15 ብር ይከስር ነበርና ያ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ቦነሱ ለእሱ የሚጠቅመው 11 ብር ገደማ ነው። 100 ተብሎ የተጻፈው ነገር እውነተኛ ዋጋው ይኼ ነው።

አንድ ማስተካከያ አለ። 300 ብሩን በ30 ብር ትኬት ከከፋፈለው እያንዳንዱ ትኬት የማሸነፍ ዕድሉ ከስምንት አንድ ነው። አሥሩም ተከታትለው የሚበሉበት ዕድል 26 በመቶ ይሆናል። ከአራት ሳምንት በአንዱ ገደማ ብሩ 300 ላይ፣ 500 ሳይደርስ ያልቃል። ያልተጫወተው አይከሰርምና አማካዩ ከ11 ወደ 22 ብር ገደማ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ያ ሳምንት ለራሱ ሙሉ ባዶ ነው፣ ቀድሞ በነጠላ ትኬት ሲጫወት እንዲህ ባዶ የሚሆንበት ሳምንት ከአሥራ ስድስት አንዱ ብቻ ነበር። ኪሱ ይህን የማይችል ሰው አማካዩ ብቻ አይበቃውም።

ካሽባኩ ደግሞ 10 በመቶ፣ በሳምንቱ የተጣራ ኪሳራ ላይ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚመለስ ይሁን። እዚህ ላይ የማየው የተለመደ ስህተት የ15 ብር 10 በመቶ አንድ ብር ከ50 ነው ብሎ ማለፍ ነው። ካሽባክ የሚከፈለው በከሰረበት ሳምንት ነው፤ ባሸነፈበት ሳምንት ቤቱ መልሶ አይወስደውም። አራቱን ትኬት በዝርዝር እንቁጠር። ከአሥራ ስድስት አንድ ጊዜ አራቱም ይበላሉ፣ ኪሳራው 200 ነው። አራት ጊዜ አንዱ ብቻ ይገባል፣ ኪሳራው 107 ብር ከ50። ስድስት ጊዜ ሁለቱ ይገባሉ፣ ኪሳራው 15 ብር። ሌሎቹ አምስቱ ትርፍ ናቸው። ኪሳራዎቹ ተደምረው ለ16 ሲካፈሉ በሳምንት 45 ብር ይሆናል፣ 10 በመቶው 4 ብር ከ50። ሰዎች ከሚገምቱት ሦስት እጥፍ ነው። የሳምንቱ አማካይ ኪሳራ ከ15 ወደ 10 ብር ከ50 ይወርዳል።

የሚሰላበት ቀን ሲረዝም ግን ይጠፋል። ያው ካሽባክ በወር አንዴ የሚታሰብ ከሆነ የአንዱ ሳምንት ትርፍ የሌላውን ኪሳራ ይሸፍነዋል። በሳምንት ሲሰላ በአራት ሳምንት 18 ብር የሚያስገኘው፣ በወር ሲሰላ ወደ 11 ብር ይወርዳል። መቶኛው አንድ ነው፣ የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው። ካሽባኩ በነፃ ትኬት ከሆነ ደግሞ፣ መነሻው የማይመለስ ስለሆነ፣ በ1.85 ኦድ 4 ብር ከ50ው ሁለት ብር እንኳን አይሞላም።

ስለዚህ የሁለቱ ድንበር የሚለካው በመቶኛ ሳይሆን በግዴታው ነው። ብሩ ቀድሞ የሚያልቅበት ሳምንት ካልተቆጠረ፣ ቦነሱ ከሳምንታዊው ካሽባክ የሚበልጠው በባለ ሦስት ጌም ትኬት የሚያስጫውተው ከ530 ብር በታች ሲሆን ነው። ነጠላ ትኬት የሚፈቅድ ከሆነ እስከ 1,470 ብር ድረስ ይበልጣል። የምሳሌያችን 5 እጥፍ 500 ስለሆነ ለጥቂት አልፏል። ሕጉ ላይ ግን «የቦነሱና የተሞላው ድምር 5 እጥፍ» የሚል ከሆነ 1,500 ብር ይሆናል። በባለ ሦስት ጌም ትኬት የ1,500 ብር አማካይ ወጪ 313 ብር ነው፣ በእጁ ያለው ሁሉ ግን 300። አብዛኛው ሰው መጨረሻው ሳይደርስ ብሩ ያልቅበታል። ልጆቹ ስልካቸውን ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን «ና» ነው።

ካሽባክ አለኝ ብሎ ትኬት የሚያረዝምም አለ። 200 ብሩን በአንድ ባለ ሦስት ጌም ቢያስይዝ ካሽባኩ በአማካይ ወደ 17 ብር ከ50 ያድጋል፣ ይህ ያታልላል። ኪሳራው ግን ከ15 ወደ 42 ብር ያድጋል። የተጨመረው 27 ብር ኪሳራ፣ የተመለሰው 13። በዚያ ላይ ያ ትኬት ሲገባ 1,266 ብር ስለሚከፍል ግብር ሊነካው ይችላል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የዕድል ሙከራ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ሲጥል ነፃ ያደረገው ከ1,000 ብር በታች ያለውን ነው። የ30 ብር ትኬት 190 ብር ስለሚከፍል ከዚያ መስመር በታች ይቀራል።

ሁለቱም ቢሆኑ ከ200 በላይ ለሚያስይዝ ሰው ምክንያት አይሆኑም፣ ይህን ለሁሉም በግልጽ እነግራለሁ። ካሽባኩን ለማሳደግ በአራት ነጠላ ትኬት 400 ቢያስይዝ በአማካይ የሚከስረው 30 ብር ነው፣ የሚመለስለትም ከ9 ብር አያልፍም። ካሽባኩ 10 በመቶ ሆኖ በየሳምንቱ በጥሬ ገንዘብ ከተከፈለ ያንን ያዝ እላቸዋለሁ፣ የሚያስገድድህ ምንም ስለሌለ። ቦነሱን የምመክረው ግዴታው ቦነሱን ብቻ ሲያባዛና ነጠላ ትኬት ሲፈቅድ ነው። እንዲህ ያለ ደግሞ ብዙ አላየሁም።