የሚቆመው ድንጋይ እና አምስቱ ቀመሮች

በብረት ሥራ ቤት ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ግራይንደር ማጥፊያው ሲጫን ወዲያው አይቆምም። የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እየረገበ ይሄድና በመጨረሻ ዓይን ሊከተለው በሚችል ዝግታ ተንቀራፎ ይቆማል። ማጥፊያው ከተጫነበት እስከ ቆመበት ድረስ ስንት ዙር ዞረ? በመካከሉ ምን ያህል ፈጣን ነበር? ግማሹን መንገድ የጨረሰው መቼ ነው? ለእነዚህ ሁሉ የሚመልሱት አምስት አጫጭር ቀመሮች ናቸው። ብዙ ተማሪ ለፈተና ሸምድዶ የሚረሳቸው ስለሆኑ አሠራራቸውን ቀርቦ የሚያይ ጥቂት ነው። ቀርበው ሲያዩአቸው ግን እያንዳንዱ ምልክት በቦታው የተቀመጠበት ምክንያት አለው።

በቁጥር እንጀምር። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ባለ ሁለት ዋልታ ሞተር ያለው ግራይንደር ድንጋይ በደቂቃ ወደ 3000 ዙር ይጠጋል። ይህ በሰከንድ 50 ዙር ማለት ነው። ማጥፊያው ከተጫነ በኋላ ድንጋዩ ለመቆም 50 ሰከንድ ፈጀ እንበል። ቁጥሩን የመረጥኩት ሒሳቡ እንዲቀል ነው።

ቀመሮቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በእኩል መጠን መቀነስ አለበት። ይህ ከሰማይ የወረደ ግምት አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ ድንጋዩን የሚይዘው በዋናነት የኩሽኔታው ሰበቃ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ኩሎም ሰበቃን መርምሮ እንዳስተዋለው፣ ደረቅ ነገሮች ሲፋተጉ የሚፈጠረው ሰበቃ በፍጥነት ብዙም አይለዋወጥም። ድንጋዩ ሲፈጥንም ሲዘገይም የሚይዘው ኃይል ያው ከሆነ፣ በየሰከንዱ የሚነጠቀው ፍጥነትም ያው ነው። በእኛ ምሳሌ 50 የነበረው በ50 ሰከንድ ዜሮ ስለሚሆን፣ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ 1 ዙር በሰከንድ ይቀነሳል። ፊዚክስ ይህን ፍጥንጥነት ይለዋል፤ ምልክቱ α ነው፤ የሚቀንስ ስለሆነ −1 ተብሎ ይጻፋል።

አሁን አንድ ሥዕል እንሳል። አግድም ጊዜን፣ ሽቅብ ፍጥነትን እናድርግ። ከ50 ላይ ተነስቶ 50ኛው ሰከንድ ላይ መሬት የሚነካ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ቅርጽ ጎነ ሦስት ነው። የዚህ ጎነ ሦስት ስፋት የዞረው ዙር ብዛት ነው፤ ግማሽ ሲባዛ 50 ሲባዛ 50፣ 1250 ዙር። ይህ አስተሳሰብ በጣም የቆየ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኦክስፎርድ መርተን ኮሌጅ ሊቃውንት፣ በእኩል የሚለዋወጥ ፍጥነት ያለው ነገር የሚሄደው መንገድ በአማካይ ፍጥነቱ ቢሄድ ከሚያደርሰው ጋር እኩል መሆኑን ደረሱበት። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም በሥዕል አሳየው። ጋሊሊዮም በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ለሚወድቁ ነገሮች ተጠቀመበት። ለሚዞር ነገር ሲመጣ አዲስ ሒሳብ አላስፈለገም። በመንገድ ፈንታ ዙር፣ በፍጥነት ፈንታ የመዞር ፍጥነት ገባ፤ ቅርጹ እንዳለ ቀረ።

አምስቱም ቀመሮች ከዚህች ሥዕል ይወጣሉ። በነገሩ ውስጥ ያሉት መጠኖች አምስት ናቸው፤ የመነሻ ፍጥነት ω₀፣ የመድረሻ ፍጥነት ω፣ ፍጥንጥነት α፣ ጊዜ t እና የዞረው መጠን θ። ቀመሮቹም እነዚህ ናቸው፦

ω = ω₀ + αt
θ = ½(ω₀ + ω)t
θ = ω₀t + ½αt²
ω² = ω₀² + 2αθ
θ = ωt − ½αt²

የመጀመሪያው የመስመሩን ቁልቁለት ይናገራል። ሁለተኛው የቅርጹን ስፋት በአማካይ ፍጥነት ይለካል። ሦስቱ ሌሎች ከነዚህ ከሁለቱ የተወለዱ ናቸው። የእጅ ሥራው ጥራት የሚታየው ግን በያዙት ሳይሆን በተዉት ነው፤ እያንዳንዱ ቀመር ከአምስቱ መጠኖች አራቱን ይዞ አንዱን ይተዋል። የመጀመሪያው θን አያውቅም፤ ሁለተኛው αን፣ ሦስተኛው ωን፣ አራተኛው tን፣ አምስተኛው ω₀ን። የትኛውም ሁለት ጊዜ አልቀረም፤ የትኛውም ሳይቀር አላለፈም። ቁልፍ የሚከፍተው በተቆረጠለት ቦታ እንደሆነ ሁሉ፣ ቀመሩም የሚጠቅመው በጎደለው ነው። ስለዚህ ምርጫው ግምት አይሻም። የማይታወቀውንና የማይፈለገውን መጠን ፈልጎ፣ እርሱ የጎደለበትን ቀመር ማንሳት በቂ ነው።

በድንጋያችን እንሞክረው። ግማሹን ዙር ማለትም 625ቱን ሲጨርስ ፍጥነቱ ስንት ነበር? ሰዓቱን አናውቅም፤ አልተጠየቅንምም። ስለዚህ ጊዜ የሌለበትን አራተኛውን እናነሳለን። 50 በራሱ ሲባዛ 2500፤ ከዚያ ላይ 2 ሲባዛ 625 ማለትም 1250 ሲቀነስ 1250 ይቀራል፤ የዚህ ካሬ ሥር ወደ 35.4 ዙር በሰከንድ ነው። ከ50 ወደ 35.4 ለመውረድ በየሰከንዱ 1 እየቀነሰ የፈጀበት ጊዜ ደግሞ 14.6 ሰከንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን 625 ዙሮች ከ15 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨረሰ፤ ለቀሩት 625 ከ35 ሰከንድ በላይ ወሰደ። በጊዜ አጋማሽ፣ በ25ኛው ሰከንድ ላይ ብንጠይቅ ደግሞ ከዙሮቹ ሦስት አራተኛው አልፏል። በጊዜ ግማሽ ማለት በዙር ግማሽ እንዳልሆነ ከሥዕሉ በዓይን ይታያል፤ የጎነ ሦስቱ ግራ ወገን ወፍራም፣ ቀኙ ቀጭን ነው።

ከአምስቱ ለሚቆም ነገር እጅግ የተዋበው የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዝርዝር የሚቀረውም እርሱ ነው። መድረሻው ዜሮ ሲሆን ωt ይጠፋና θ = −½αt² ብቻ ይቀራል። α ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው። ይህ ቀመር ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ያነባል። መቆሙን የቀረጸ ፊልም ወደ ኋላ ብናጫውተው፣ ከቆመበት ተነስቶ እየፈጠነ የሚሄድ ድንጋይ እናያለን፤ ሒሳቡም የሁለቱ አንድ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ በስንት ፍጥነት እንደጀመረ ሳንጠይቅ፣ በመጨረሻዋ አንድ ሰከንድ ግማሽ ዙር፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰከንዶች ሁለት ዙር፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ሰከንዶች 50 ዙር እንደዞረ እናውቃለን። ከመጨረሻው ወደ ኋላ በየሰከንዱ ያለፈው ዙር ግማሽ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት ተኩል እያለ ይሄዳል። ይህ የ1፣ 3፣ 5፣ 7 ሬሾ ነው፤ ጋሊሊዮ በሚወድቁ ነገሮች ላይ ያገኘው ያው የጎዶሎ ቁጥሮች ሰልፍ ነው።

እስካሁን ራዲያን አላስፈለገንም። ሁሉንም በዙር ቆጠርን፤ ቀመሮቹ አልተቃወሙም፤ የሚጠይቁት መለኪያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ እንዲሆን ብቻ ነው። ራዲያን የግድ የሚሆነው የድንጋዩን ጠርዝ ስንጠይቅ ነው፤ v = rω የሚሠራው በራዲያን ብቻ ስለሆነ። አንድ ዙር 2π ራዲያን ነው፤ 50 ዙር በሰከንድ 314 ራዲያን በሰከንድ ይሆናል። የድንጋዩ ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ 0.1 ሜትር ነው፤ ጠርዙም በሰከንድ 31.4 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 113 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ማጥፊያው ከተጫነ ከ25 ሰከንድ በኋላ እንኳ ጠርዙ በሰዓት ወደ 57 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው የሚነካው ይህን ነው።

ተማሪዎች የሚስቱት በአብዛኛው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መለኪያ መቀላቀል ነው፤ ፍጥነቱን በደቂቃ 3000 ብለው ፍጥንጥነቱን በሰከንድ ያስገባሉ። ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው፤ ቀመሩ ድንጋዩ መቆሙን አያውቅም። ሦስተኛውን ቀመር በ60ኛው ሰከንድ ብንጠይቀው፣ 50 ሲባዛ 60፣ 3000፤ ሲቀነስ 1800፤ 1200 ዙር ይለናል። 1250 ዙር ዞሮ የቆመ ድንጋይ እንዴት ወደ 1200 ተመለሰ? ቀመሩ ድንጋዩ ከቆመ በኋላ ወደ ኋላ 50 ዙር እንደዞረ ቆጥሮታል፤ በእርሱ ዘንድ ፍጥንጥነቱ −1 ሆኖ ይቀጥላልና። እውነተኛው ሰበቃ ግን እንቅስቃሴን ይይዛል እንጂ አይፈጥርም፤ ድንጋዩ ሲቆም እርሱም ሥራው ያበቃል። «1200ኛውን ዙር የጨረሰው መቼ ነው?» ብንልም ሒሳቡ 40 እና 60 የሚሉ ሁለት መልሶች ይሰጣል። ትክክሉ 40 ነው፤ 60 ከመቆሚያው ሰዓት ስለሚያልፍ ይጣላል።

የቀረው ጥያቄ እውነተኛ የሚዞር ነገር በእርግጥ ለዚህ ሕግ ይገዛል ወይ የሚለው ነው። ለመፈተን ተገልብጦ የቆመ የብስክሌት ጎማ ይመቻል። ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጎ ማሽከርከርና በስልክ ካሜራ መቅረጽ ነው፤ ከቪዲዮው የመነሻ ፍጥነቱ፣ እስኪቆም የፈጀው ጊዜና ጠቅላላ ዙሩ ይገኛሉ። ዙሩ የመነሻ ፍጥነቱና የጊዜው ብዜት ግማሽ ከሆነ፣ ፍጥነቱ በእኩል ቀንሷል ለማለት ጥሩ ምልክት ነው። ከግማሹ ጉልህ ሆኖ ካነሰ ግን አየር እጁን አስገብቷል፤ የአየር መቋቋም ከፍጥነት ጋር ስለሚጨምር መጀመሪያ ላይ አብዝቶ ይይዛል፣ መስመሩም ወደ ታች ይጎብጣል። ያኔ ቀመሮቹ አልተሳሳቱም፤ ከተሠሩበት ሁኔታ ውጭ ተጠርተው ነው። መፍትሔውም ፍጥነቱ ዝቅ ያለበትን የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ለይቶ መመርመር ነው፤ በዚያ የአየሩ ድርሻ አነስተኛ፣ የኩሽኔታው ድርሻ ዋና ነው።

እነዚህን ቀመሮች ለሚያስተምርም ለሚማርም የምለው አንድ ነው። አምስቱን ከመሸምደድ በፊት ጎነ ሦስቷን ሳሉ፤ የሚቆም ነገር ሲገጥማችሁም ከሁሉ በፊት −ω₀/α ብላችሁ የመቆሚያውን ሰዓት አስሉ። ከዚያ ሰዓት ወዲህ ያለውን ሁሉ ቀመሮቹ በትክክል ይነግሯችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቋቸው።