ወደ ሐምቡርግ የንግድ መዝገብ የሚላክ ደብዳቤ

በጉንደ ወይን፣ በቢቸናና በሞጣ ከሚሰበሰበው ሰም ብዙው የሚገኘው ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው። ሰፈፉ ይፈላል፣ ይጨመቃል፣ ይጣራል፤ ረግቶ ሲጠጥር ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ ከዚያ ባሕር ይሻገራል። እኔ ለአነስተኛ ሰም ላኪዎች የውጭ ንግድ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ከማዘጋጃቸው ወረቀቶች ሁሉ አብዝቼ የምጠነቀቅለት፣ ገና ዕቃው ሳይጫን ስለ ገዥው ማንነት ለአገሩ የንግድ መዝገብ የሚጻፈው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ጥንቃቄው የሚመጣው ከአከፋፈሉ ነው። ትንሽ ላኪ አዲስ ገዥን ኤል ሲ ካልከፈትክ አልልክም የማለት አቅም የለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሲኤዲ ይስማማሉ፤ ዕቃው ይጫናል፣ ሰነዱ በባንክ በኩል ይላካል፣ ገዥው ሲከፍል ሰነዱን ይረከባል። ሳይከፍል ከቀረ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል፤ እዚህ ደግሞ ባንኩ የውጭ ምንዛሪው የት ደረሰ እያለ ላኪውን ይይዘዋል። ያን ጊዜ ማንን እንደሚከስ የማያውቅ ላኪ ሰሙንም ገንዘቡንም ያጣል።

በጀርመን የንግድ መዝገብ የሚያዘው በፍርድ ቤት ነው። የሐምቡርግ ኩባንያ የሚመዘገበው በሐምቡርግ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ GmbH እና UG የተባሉት ኃላፊነታቸው የተወሰነ ማኅበራት HRB በሚል ፊደል የሚጀምር ቁጥር ይሰጣቸዋል። ይህ ቁጥር ለመላው ጀርመን አንድ ወጥ አይደለም፤ ሐምቡርግ ያለው ቁጥር ሙኒክም ለሌላ ኩባንያ ሊሰጥ ይችላል። ፍርድ ቤቱን ሳይጠቅሱ ቁጥሩን ብቻ መጻፍ ከተማውን ሳይናገሩ የቀበሌ የቤት ቁጥር እንደ መስጠት ነው። ብዙ ላኪዎች የሚያመጡልኝ ፕሮፎርማ ላይ ቁጥሩ ብቻ ስለሚኖር፣ መጀመሪያ የማስጠይቃቸው ፍርድ ቤቱን ነው።

ከኦገስት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ መዝገቡን handelsregister.de ላይ ያለ ክፍያ ማየት ይቻላል። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይህ ይበቃል፤ ደብዳቤ የምጽፈው ኩባንያው እዚያ ላይ ሲገኝና ላኪው ውል ለመፈረም ሲወስን ብቻ ነው። ከስክሪን የታተመ ወረቀት ለራስ ዕውቀት ነው። ፍርድ ቤቱ አረጋግጦ የሚሰጠው፣ ጀርመኖቹ አምትሊሸር አውስድሩክ የሚሉት ግልባጭ ግን በክርክር ጊዜ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ክፍያውም 20 ዩሮ ነው። ከጉንደ ወይን 20 ዩሮ መላክ ከገንዘቡ መጠን በላይ ስለሚያደክም፣ እዚያ የሚኖር ዘመድ የክፍያ ጥያቄውን ተቀብሎ እንዲከፍል በደብዳቤው ላይ ስሙንና አድራሻውን አስገባለሁ።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህን ይመስላል፦

«በሐምቡርግ ፍርድ ቤት በዚህ HRB ቁጥር የተመዘገበውንና መቀመጫውን ሐምቡርግ ያደረገውን፣ ሙሉ ስሙ እንዲህ የሆነውን ኩባንያ የሚመለከት፣ ወቅታዊውን የመዝገብ ይዘት የያዘ የተረጋገጠ ግልባጭ በወረቀት እንዲላክልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ክፍያውን ከዚህ በታች አድራሻው የተገለጸው ሰው ይፈጽማል። ግልባጩም በእርሱ አድራሻ ይላክ።»

በዚህ ላይ የምጨምረው የላኪውን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ነው። ለምን እንደፈለግነው አልተርክም፤ በጀርመን ሕግ መዝገቡን ማንም ሰው ማየት ስለሚችል ምክንያት አይጠየቅም። «ገዥው ታማኝ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅም ከንቱ ነው፤ መዝጋቢው የተጻፈውን ይሰጣል እንጂ ምክር አይሰጥም። ደብዳቤው በጀርመንኛ መሆን አለበት፤ የአገሩ የፍርድ ቤት ቋንቋ እርሱ ነው። የኩባንያው ስም ደግሞ በውሉ ላይ እንዳለ፣ GmbH ወይም UG የሚለው ሳይቀር፣ ፊደል ሳይጎድል ይገለበጣል። GmbH ለመመሥረት ቢያንስ 25,000 ዩሮ ካፒታል ያስፈልጋል፤ UG ግን በ1 ዩሮም ይቋቋማል። ፕሮፎርማው አንዱን፣ መዝገቡ ሌላውን ካለ እዚያው ላይ መቆም ነው።

ግልባጩ ሲመጣ ቶሎ የምሄደው ወደ ተራ ቁጥር 4 ነው። እዚያ ኩባንያውን ማን ሊወክል እንደሚችል ይነበባል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሰም ገዥ የመጣ ውል በአንድ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ተፈርሞ ደረሰን። ማኅተሙ፣ ስሙ፣ አድራሻው ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል። ተራ ቁጥር 4 ግን ሥራ አስኪያጆቹ ሁለት እንደሆኑና ኩባንያውን የሚያስገድዱት ሁለቱ አብረው ሲፈርሙ፣ ወይም አንዱ በተራ ቁጥር 5 ከሚገኝ የተመዘገበ ወኪል ጋር ሲፈርም መሆኑን ይናገራል። ሰውየው እውነተኛ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ፊርማው ብቻውን ግን ኩባንያውን አያስርም። ግልባጩን አያይዘን ውሉን መለስንላቸው፤ ሁለተኛው ፈርሞ መጣ፤ ጭነቱም ከዚያ በኋላ ሆነ። ያለ ግልባጩ ይህን ጉድለት ከውሉ ላይ አይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር።

የጀርመን መዝገብ ሊታመኑበት የሚቻል ነው። ተሽሮ ስሙ ከመዝገቡ ያልወጣ ሥራ አስኪያጅ ቢዋዋል፣ ኩባንያው መሻሩን ባላወቀው ሦስተኛ ወገን ላይ «ሰውየው ተሽሯል» ብሎ መከራከር አይችልም። ሁሉም አገር ግን እንዲህ አይደለም። የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ ለረጅም ዘመን የቀረበለትን ሳያጣራ ይመዘግብ ነበር፤ የማጣራት ሰፊ ሥልጣን ያገኘው በ2023 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ የለንደን ገዥ ሲመጣ ያው ደብዳቤ ቢጻፍም፣ በመልሱ ላይ የምጥለው እምነት ያነሰ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ላኪዎች ግልባጩን ይዘው «አሁን ተረጋገጠ» ሲሉ የማስቆማቸው በአንድ ነገር ነው። መዝገቡ ስለ ኩባንያው እንጂ ኢሜይል ስለሚጽፍልህ ሰው አይናገርም። የባንክ ሒሳብ፣ ስልክ፣ ኢሜይል እዚያ የሉም። የጀርመን ኩባንያ የፍርድ ቤቱንና የምዝገባ ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ የማውጣት ግዴታ አለበት፤ አጭበርባሪም ያንኑ ገልብጦ የእውነተኛ ኩባንያ ስም ለብሶ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ከፍርድ ቤቱ የሚመጣው ግልባጭ አንዲት ስሕተት የለበትም፤ ሰሙ ግን ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል።

ለዚህ ነው ሁለተኛ ደብዳቤ የምጽፈው፤ ይህኛው ለኩባንያው ነው። የሚላከው ግን ገዥው በኢሜይል በሰጠን አድራሻ ሳይሆን በግልባጩ ተራ ቁጥር 2 ላይ በሰፈረው የንግድ አድራሻ፣ በፖስታ፣ በሥራ አስኪያጁ ስም ነው። የውሉን ቅጂ አያይዤ «ይህን ውል የፈረማችሁት እናንተ ናችሁን? ዕቃው ይራገፍ የተባለበት አድራሻስ የእናንተ ነውን?» ብዬ እጠይቃለሁ። እውነተኛ ገዥ ይመልሳል። ስሙ የተሰረቀበትም ይመልሳል፤ እንዲያውም ፈጥኖ።

የመጀመሪያ ጭነታችሁን ወደ አዲስ ገዥ የምትልኩ ሁሉ፣ ሁለቱም መልሶች እጃችሁ ሳይገቡ ሰሙን ከመጋዘን አታውጡ።