ሦስት ሁለተኛ ከየት መጣ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ክፍልፋይ ፈተና ላይ ቢያገኘው ብዙ አያስቸግረውም።

f(x) = (3x² − 5x + 7) / (2x² + x − 4)

ጥያቄው x ወደ ኢንፊኒቲ ሲሄድ ሊሚቱ ስንት ነው የሚል ነው። ተማሪው ላዕሉን ያያል፣ ታህቱን ያያል፤ የሁለቱም ከፍተኛ ፓወር x² ነው፤ ከፊታቸው ያሉትን ቁጥሮች ያነሳና 3/2 ላይ አክብቦ ወደሚቀጥለው ያልፋል። መልሱ ትክክል ነው። −5x የት ገባ፣ 7ስ፣ −4ስ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እኔን ከመልሱ ይልቅ የሚያስደስተኝ እነዚህ ቁጥሮች የተሸኙበት መንገድ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው፣ አንዳቸውም በግምት አልተጣሉም።

ደንቡ ራሱ አጭር ነው። የታህቱ ፓወር ከበለጠ ሊሚቱ ዜሮ ነው፤ እኩል ከሆኑ የመሪዎቹ ኮኤፊሸንቶች ሲካፈሉ የሚገኘው ነው፤ የላዕሉ ከበለጠ ክፍልፋዩ ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ያለ ወሰን ይሄዳል። ይህን በቃል መያዝ ክፋት የለውም። የእጅ ሥራው ግን ያለው ከደንቡ ጀርባ ባለችው አንዲት እርምጃ ላይ ነው፤ ላዕሉንም ታህቱንም በ x² ማካፈል።

(3 − 5/x + 7/x²) / (2 + 1/x − 4/x²)

ክፍልፋዩ አልተለወጠም። ከላይም ከታችም በአንድ ቁጥር ሲካፈል ዋጋው እንዳለ ይቀራል፤ ቁጥሩ ዜሮ አለመሆኑ ብቻ ይበቃል፣ ወደ ኢንፊኒቲ የሚሄደው x ደግሞ ዜሮን ከኋላው ትቶ ሄዷል። የተለወጠው አቀማመጡ ነው። ቀድሞ ላዕሉም ታህቱም ያለ ልክ ያድጉ ነበር። ሁለት እንዲህ ያሉ ነገሮች ሲካፈሉ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ዜሮም፣ 40ም፣ ኢንፊኒቲም ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ላዕሉ ወደ 3፣ ታህቱ ወደ 2 ይጠጋል። ሁለቱም የየራሳቸው ሊሚት ስላላቸውና የታችኛው ዜሮ ስላልሆነ፣ የክፍልፋይ ሊሚት የሊሚቶቹ ክፍልፋይ ነው የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል። ከዚህች እርምጃ በፊት ሕጉን የመጥራት መብት አልነበረንም።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ፓወሮቹ እኩል ሲሆኑ በየትኛው እናካፍል የሚል ጥያቄ አይነሳም። ሳይተካከሉ ሲቀሩስ? አንዳንዱ መምህር በጠቅላላው በታየው ትልቁ ፓወር አካፍሉ ይላል፤ እኔ በታህቱ ትልቅ ፓወር ከሚያካፍሉት ወገን ነኝ። (2x³ − x) / (5 − x²) የሚለውን እንውሰድ። በ x³ ብናካፍል ላዕሉ ወደ 2 ይሄዳል፣ ታህቱ ግን 5/x³ − 1/x ይሆንና ወደ ዜሮ ይሟሟል። ሁለት ለዜሮ ማለት ምን ማለት ነው? ዜሮው ከላይ የመጣ ነው ወይስ ከታች? እንደገና ቁጭ ብሎ ምልክት ማጣራት ሊያስፈልግ ነው። በ x² ብናካፍል ግን ላዕሉ 2x − 1/x፣ ታህቱ 5/x² − 1 ይሆናል። ታህቱ −1 ላይ ጸጥ ይላል፣ ላዕሉ ሽቅብ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሙሉው ክፍልፋይ ወደ አሉታዊ ኢንፊኒቲ ይወርዳል። ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም። በታህቱ ፓወር ስናካፍል ታህቱ ሁልጊዜ የሚያርፈው የራሱ መሪ ኮኤፊሸንት ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ዜሮ ሊሆን አይችልም።

መንገዱ ፖሊኖሚያሎቹ ተዘርግተው እስኪጻፉም አይጠብቅም። (2x − 1)³(x + 4) / (x² + 1)² ቢሰጠን፣ እያንዳንዱ ቅንፍ ለመሪው ፓወር የሚያዋጣውን ብቻ እንለቅማለን፤ ከላይ 8x³ ሲባዛ በ x፣ ከታች x⁴። ሊሚቱ 8 ነው። እዚህ የሚሳሳቱት 2ን ሦስት ጊዜ ማባዛት ረስተው 2 ብለው የሚጽፉት ናቸው። ደሪቬቲቭ የተማረ ደግሞ በሎፒታል ስም የሚጠራውን ደንብ ለመምዘዝ ይቸኩላል፤ በ1696 ፓሪስ ላይ በታተመ መጽሐፍ የታወቀው ማለቴ ነው። ወደ 8 ያደርሳል፣ መንገዱ ግን ላዕሉንም ታህቱንም አራት አራት ጊዜ ዲፈረንሺየት ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ እሱን ማንሳት ድካም እንጂ ብልሃት አይመስለኝም።

ወደ መጀመሪያው ክፍልፋይ ልመለስ፤ የተሸኙት ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚናገሩ የሚታየው እሱ ላይ ነው። x = 10 ላይ 257 ለ206፣ ማለትም 1.248 ገደማ እናገኛለን፤ 3/2 የሚባለው ገና ሩቅ ነው። x = 100 ላይ 1.468፣ x = 1000 ላይ 1.4968 ይሆናል። መቅረቱ ይቀርባል፣ ግን ከታች በኩል ነው። ለምን ከታች? ይህን ለማወቅ ከክፍልፋዩ ላይ 3/2ን ቀንሶ የተረፈውን ማየት ይበቃል።

f(x) − 3/2 = −13(x − 2) / (2(2x² + x − 4))

ከመሪዎቹ ጀርባ የቀሩት ሁሉ እዚህ አንድ ላይ ተሰብስበዋል። 13ቱ የተሠራው ከ −5 እና ከታህቱ 1 ነው፤ −5 በ2 ሲባዛ −10፣ 1 በ3 ሲባዛ 3፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ −13። ትልቅ x ላይ ይህ ትርፍ −13/(4x)ን ይመስላል፤ x = 1000 ላይ 0.00325 ይጎድላል ማለት ነው፣ በትክክል ሲሰላ ደግሞ 0.00324 ሆኖ እናገኘዋለን። ምልክቱ አሉታዊ ስለሆነ ግራፉ ወደ 3/2 የሚቀርበው ከታች ነው። በአሉታዊው በኩል x = −100 ብንል ትርፉ ምልክቱን ይቀይርና 1.533 ይሰጣል፤ በዚያ በኩል የሚቀርበው ከላይ ነው። ሊሚቱ በሁለቱም ጫፍ አንድ ነው፣ አቀራረቡ ግን የተለያየ ነው፤ ይህን የወሰነው ደግሞ "የማይረባ" ተብሎ የታለፈው የ x አንደኛ ፓወር ነው።

ያ (x − 2) ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። x = 2 ላይ ትርፉ ዜሮ ነው። እናስላው፤ ከላይ 12 − 10 + 7 = 9፣ ከታች 8 + 2 − 4 = 6፣ ዘጠኝ ለስድስት 1.5። ግራፉ y = 3/2 የሚለውን አግድም አሲምፕቶት እዚያው ላይ ይቆርጠዋል። ግራፍ አሲምፕቶቱን አይነካም ብሎ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ የሒሳብ ስህተት ፍለጋ ይጀምራል፤ ስህተት ግን የለም። ከ2 ወዲህ ግራፉ ወደ ታች ይሰጥማል፤ x = 4 ላይ 35 ለ32፣ ማለትም 1.09 ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ አካባቢ ጀምሮ ነው ቀስ እያለ ወደ 1.5 የሚወጣው። ሊሚት ስለ ጫፉ እንጂ ስለ መንገዱ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ጫፉ ከየት እንደሚጀምርም አይናገርም። (x² + 1000000x) / (x² + 1) የሚለው ሊሚቱ 1 ነው፤ ማንም አይጠራጠርም። x = 1000 ላይ ግን ዋጋው 1001 ገደማ ነው። x አንድ ሚሊዮን ሲደርስ ገና 2 አካባቢ ነው፤ 1.01 ለመድረስ x መቶ ሚሊዮን መሆን አለበት። በካልኩሌተር ትልቅ የመሰለውን ቁጥር አስገብቶ ሊሚት የሚገምት ሰው እዚህ ላይ ጉድ ይሆናል። የእኛ ክፍልፋይ ግን ደግ ነው። x ከ4 ሲበልጥ 2x² + x − 4 ከ2x² ይበልጣል፣ ስለዚህ ጉድለቱ ከ3.25/x ያንሳል፤ ከ0.01 በታች እንዲሆን ከፈለግን x ከ325 መብለጡ በቂ ነው። መዝገበ ቃላት የሚያህል የኤፕሲሎን ማረጋገጫ የሚያስፈራው ተማሪ እዚህች አንዲት መስመር ላይ አንድ ሙሉውን ሠርቶ ጨርሷል።

አሁን ወደ ድንበሩ ልሂድ። መሪውን ይዞ ሌላውን መተው የሚፈቀደው ስናካፍል ነው፤ ስንቀንስ አይደለም። ጤፍ የጫነ መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ በሾፌሩ ኪስ ያለውን ሳንቲም የሚቆጥር የለም፤ ያ መኪና ከሌላው ስንት እጥፍ ነው ለሚል ጥያቄ ሳንቲሙ ምንም አይለውጥም። መኪናው ከሳንቲሙ ጋርና ያለ ሳንቲሙ ያለውን ልዩነት ከጠየቅን ግን መልሱ ራሱ ሳንቲሙ ነው። በሒሳቡ እንዲህ ይመጣል፦

x²/(x + 1) − x

የመጀመሪያው ክፍል በትልቅ x ላይ x ይመስላል፤ ስለዚህ x ሲቀነስ x፣ ዜሮ የሚል ፈተና ላይ ብዙ አለ። x = 1000 ላይ ይሞከር፤ 999.001 ሲቀነስ 1000፣ ማለትም −0.999። ዜሮ የለም። መሪዎቹ ተጠፋፍተው ሲሄዱ ሜዳው ለተናቁት ቀርቷል። መፍትሔው ቅነሳውን አስቀድሞ ወደ አንድ ክፍልፋይ መሰብሰብ ነው፤ ላዕሉ x² − x(x + 1) ሲሆን −x ይቀራል፣ ታህቱ x + 1 ነው። አሁን በታህቱ ትልቅ ፓወር፣ በ x፣ ይካፈላል፤ ከላይ −1፣ ከታች 1 + 1/x። ሊሚቱ −1 ነው።