ሦስተኛው ምዕራፍ ለምን ሦስተኛ ሆነ?

የአንዲት ከተማ ታሪክ ላይ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ በአገራችን የታወቀ መልክ አለው። አንደኛው ምዕራፍ ስለ መሬቱ አቀማመጥ፣ ስለ አየር ጠባዩና ስለ ሕዝቡ አሰፋፈር ያወራል። ሁለተኛው ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ጊዜ እስከ 1928 ዓ.ም. ይዘልቃል፣ ሦስተኛው የጣልያንን አምስት ዓመታት ይይዛል፣ አራተኛው ከ1933 እስከ 1966 ይሄዳል። ደፈር ያለ ተማሪ የደርግን ዘመን ይጨምርበታል። ይህ አከፋፈል ከአዲስ አበባ ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍል ሲወራረስ የኖረ ነው። ጭሮ ላይ ረቂቅ ይዘውልኝ የሚመጡ ተማሪዎችም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው የሚያቀርቡት። ችግሩ ክፍፍሉ ሐሰት መሆኑ አይደለም። የመንግሥትን ታሪክ በትክክል ይከፍላል፤ ተማሪው የሚጽፈው ግን የከተማን ታሪክ ነው።

በአንድ ረቂቅ ላይ የሚያጋጥመውን በዝርዝር እንየው። ርእሱ የአሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከተማ ታሪክ ነው። ከተማዋ በስፋት እንደሚታወቀው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ ለአዲስ አስተዳደር ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች ናት። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛው ምዕራፍ ጥሩ ይሄዳል፤ ሰው አለው፣ ሐሳብ አለው፣ ለምን እዚህ ቦታ ተመረጠ የሚል ጥያቄ አለው። ከዚያ ሦስተኛው ይመጣል። የጣልያን ዘመን ማስረጃ ስስ ስለሚሆን ምዕራፉ ጥቂት ገጽ ሆኖ ይቀራል፤ ተማሪው ገጹን ለመሙላት የማይጨውን ጦርነትና የንጉሠ ነገሥቱን ስደት ይተርካል። አራተኛው ደግሞ ያብጣል። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ሁሉም አንድ ላይ ይገቡበታል።

ረቂቁ እንደታመመ የሚያሳውቀኝ ግን የገጽ ብዛት አይደለም። «ከላይ እንደተገለጸው» የምትለው ሐረግ ናት። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ካየኋት፣ አንድ ጉዳይ በየምዕራፉ ተቆራርጦ እንደተበተነ አውቃለሁ። በዚህ ረቂቅ የተበተነው የጫት ገበያው ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ አንድ አንቀጽ አለ፣ በአራተኛው ሁለት፣ በአምስተኛው አንድ። አራቱን አንቀጾች ቆርጣችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አንድ ጥሩ ታሪክ ይወጣቸዋል፤ በየቦታቸው ሲነበቡ ግን ገበያው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አንባቢ ፈጽሞ አያገኘውም።

እኔ ታዲያ ተማሪውን ረቂቁን እንዲያስተካክል አልጠይቀውም፤ መጀመሪያ እንዲበትነው ነው የምጠይቀው። ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይወስዳል። በወረቀቷ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጽፋል፤ አንቀጹ ስለ ምን እንደሆነና የትኛውን ዓመት እንደሚመለከት። ከዚያ ወለል ላይ አንድ ጊዜ በዓመት፣ አንድ ጊዜ በጉዳይ ይደረድራቸዋል። በዓመት ሲደረድር የሚፈልገው ብዙ ነገር አንድ ላይ የተለወጠበትን ቦታ ነው። በጉዳይ ሲደረድር ደግሞ ከአንድ ዘመን ወደ ሌላው ሳይቋረጥ የሚያልፈውን ክር ይፈልጋል። የመጀመሪያው የምዕራፍ ድንበር ይሰጠዋል፣ ሁለተኛው ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሚገባውን ጉዳይ ያሳየዋል።

የድንበሩን ነገር ትንሽ ላብራራው። ለከተማ ታሪክ 1966 ምንድን ነው? አብዮቱ ፈነዳ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። በአሰበ ተፈሪ የሚኖር ባለቤት ግን በዚያ ማግስት ቤቱን እንዳከራየ ነበር፤ ተከራዩም ኪራዩን ይከፍል ነበር። የከተማው ኑሮ ከሥሩ የተነቀነቀው በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በሐምሌ 1967፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ነው። ማን የት እንደሚኖር፣ ኪራይ ለማን እንደሚከፈል፣ የሰፈሩን ጉዳይ ማን እንደሚይዝ ተለወጠ፤ ቀበሌ የሚባለው ነገር መጣ። ተማሪው የሚጽፈው ስለ በዴሳ ወይም ስለ ሂርና ገበሬዎች ቢሆን ኖሮ ድንበሩ ሐምሌ አይሆንም ነበር፤ የገጠር መሬት የታወጀበት የካቲት 25 ቀን 1967 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ሦስቱም ቀኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «እስከ 1966» ብሎ መዝጋት ቀላል ይመስላል። ግን ምዕራፉን በመስከረም የሚዘጋ ሰውና በሐምሌ የሚዘጋ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር እየተናገሩ ነው። አንዱ ከተማዋን የለወጣት ቤተ መንግሥቱ ነው ይላል፣ ሌላው የቤት ባለቤትነት ነው ይላል።

የጣልያን ዘመንም እንዲሁ ይመዘናል። ወረቀቶቹ ሲደረደሩ በእነዚያ ዓመታት በከተማዋ የተለወጠው መንገድና መኪና ብቻ ሆኖ ከታየ ጉዳዩ ምዕራፍ አይሆንም፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ውስጥ አንድ ክፍል ይሆናል። ተማሪዎች ይህን ይፈራሉ፤ ፈታኙ «ጣልያን የት ገባ?» ይለኛል ብለው ነው። ማስረጃው የሚችለውን ያህል ቦታ ሰጥቶ ምክንያቱን በመግቢያው የጻፈ ተማሪ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ባዶውን በማይጨው የሞላው ግን የለውም።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። የምዕራብ ሐረርጌን ከተሞች ያለ መንገድ መረዳት አይቻልም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲዱ በቆላው በአሰቦትና በሚኤሶ አለፈ እንጂ የጨርጨርን ደጋ አልወጣም። ዋናው የመኪና መንገድ ግን ከሚኤሶ ተነሥቶ ወደ አሰበ ተፈሪ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሂርና ይቀጥላል፤ ወደ በዴሳና ወደ ገለምሶ የሚወስደው ከጭሮ ይገነጠላል። ጫት ተቀጥፎ በትኩስነቱ መድረስ ያለበት ነገር ስለሆነ ገበያው መንገዱን ይከተላል። የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ በበኩሉ ገበያውን ይከተላል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ በዘመን መቆራረጥ የለበትም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ምዕራፍ መነገር አለበት። በምዕራፉ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተልም ከዚሁ ይወጣል፤ መጀመሪያ መንገዱ፣ ከዚያ ገበያው፣ ከዚያ ገቢው፣ ከዚያ በገቢው የተሠራው። በጉዳይ ሲከፈል ቅደም ተከተል የለም የሚሉ አሉ። አለ፤ ሌላው የሚደገፍበት ነገር ይቀድማል።

እንዲህ ዓይነቱ በጉዳይ የሚሄድ ምዕራፍ ከዘመን ተከተሉ ምዕራፎች በኋላ ይመጣል። አንባቢ ተክለ ሐዋርያት ማን እንደሆኑ፣ አዋጁ መቼ እንደወጣ፣ ጨርጨር አውራጃ በየጊዜው በምን ስም እንደተጠራ ካላወቀ የገበያው ታሪክ በየመሐሉ ማብራሪያ ይጠይቃል። ባሕሩ ዘውዴ በለውጥ ፈር ቀዳጆች ላይ የጻፉትን መጽሐፍ ያየ ሰው ይህን ያስታውሳል፤ ሰዎቹ በትውልድ በትውልድ መጀመሪያ ይቀርባሉ፣ ሐሳቦቻቸው በጉዳይ በጉዳይ ቀጥለው ይመጣሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት በበኩላቸው እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ባለው የኢኮኖሚ ታሪካቸው ሁሉንም በጉዳይ ከፍለውታል። ለማጣቀሻ እጅግ ይመቻል፤ አንድ ዘመን በአጠቃላይ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ግን አንባቢው ከየምዕራፉ መልቀም አለበት። የማስተርስ ተማሪ ይህን ዋጋ ለአንባቢው እንዲያስከፍል አልመክርም።

ታሪክ የማያጠኑ ተማሪዎች «እኛ ምርጫ የለንም፣ አምስት ምዕራፍ ተብሎ ተሰጥቶናል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ መግቢያ፣ ተዛማጅ ጽሑፎች፣ የጥናት ዘዴ፣ ውጤት፣ ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ። ምርጫው ያለው አራተኛው ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ የአራተኛው ምዕራፍ አደረጃጀት ደግሞ በአንደኛው ምዕራፍ የዝርዝር ዓላማዎቹ ተራ ሲጻፍ ይወሰናል። በእኛ አካባቢ የሚበዛው ከችግር ወደ መፍትሔ የሚሄድ ጥናት ነው፤ በጣም የሚወደደው ርእስ ደግሞ ጫት ቡናን ከማሳ ማስወጣቱ ነው። ተማሪው «ችግር፦ ጫት ተስፋፋ፤ መፍትሔ፦ ቡና ይመለስ» ብሎ ይነሣል። መጠይቁን ይዞ በገለምሶ ዙሪያ ከገበሬ ጋር ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። የገበሬው ችግር የመሬቱ ጥበትና ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የሚፈልግ ቤተሰብ ነው። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቀጠፋል። ለገበሬው ጫት መፍትሔ ነው።

ይህ ከታወቀ ምዕራፉ እንደ ነበረ ሊቆም አይችልም። መጀመሪያ የማሳው ስፋትና የቤተሰቡ ወጪ ይመጣል፣ ቀጥሎ ገበሬው ለዚያ ችግር የወሰደው እርምጃ፣ እሱም ጫት ነው፣ ከዚያ እርምጃው ያመጣው አዲስ ችግር፣ እንደ ውኃና እንደ እህል ግዢ ያለው፣ በመጨረሻ ቡናን ለመመለስ ከዚህ በፊት የተሞከረውና ያልያዘበት ምክንያት። ምክረ ሐሳቡ ከዚህ የመጨረሻ ክፍል ካልተነሣ ከየትም የመጣ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በአምስተኛው ምዕራፍ ያለውን እያንዳንዱን ምክር ያዙና በአራተኛው ውስጥ የተነሣበትን ገጽ ፈልጉ። «መንግሥት ግንዛቤ ማስጨበጥ አለበት» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ገጽ አይገኝለትም። ገበሬው ግንዛቤ እንደጎደለው ያሳየ አንድም ክፍል አልነበረማ።

ጭሮ፣ ሂርና ወይም ገለምሶ ሆናችሁ ዘንድሮ ረቂቅ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ለአማካሪያችሁ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ሥራ ሥሩልኝ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ አቀያይራችሁ አንብቡ፤ ጥናታችሁ አምስት ምዕራፍ ከሆነ የአራተኛውን ክፍሎች አቀያይሩ። ተቀያይረው ምንም ካልተበላሸ ቅደም ተከተሉ ገና አልተሠራምና አታስረክቡ፣ ወደ ወረቀቶቹ ተመለሱ።