ሊስት ወይስ ማትሪክስ፦ የጥሩ መልስ ምልክቶች

«ግራፉ ስፓርስ ስለሆነ አድጀሰንሲ ሊስት እጠቀማለሁ።» ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም እኔ ሙሉ ነጥብ አልሰጠውም፤ ጥያቄውን ሳያነቡም ሊጻፍ ይችላልና። ጥሩ መልስ ቆጥሮ ይነሳል።

10,000 ኖድና 30,000 ኤጅ ያለው፣ አቅጣጫ የሌለው ግራፍ ተሰጠ እንበል። ማትሪክሱ 100 ሚሊዮን ሕዋስ ይፈልጋል፤ አንዱ ሕዋስ 4 ባይት ቢይዝ 400 ሜጋባይት ይሆናል። ሊስቱ የሚይዘው ግን 60,000 ጎረቤቶችንና የ10,000 ኖዶችን መነሻ ብቻ ነው። 30,000 ሳይሆን 60,000 ብሎ የጻፈ ተማሪ ነገሩ ገብቶታል፤ እያንዳንዱ ኤጅ በሁለቱም ጫፍ እንደሚመዘገብ አልረሳማ።

ቀጥሎ የማየው መዋቅሩና የጊዜ ስሌቱ መስማማታቸውን ነው። ብዙ ወረቀት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ማትሪክስ መርጦ BFS ይጽፍና O(V+E) ብሎ ይዘጋል። ኮዱ ግን ይህን ይላል፦

```python
for v in range(n):
    if a[u][v] and not seen[v]:
```

የ`u` ጎረቤቶች ሦስት ብቻ ቢሆኑም ሉፑ ረድፉን ሙሉ 10,000 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ስሌቱ O(V²) ነው። O(V+E) የሊስት ብቻ ነው።

ግራፉ ዴንስ ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል። 1,000 ኖድ፣ 400,000 ኤጅ ይሁን፤ ሊኖር የሚችለው ከፍተኛው 499,500 ነው። ማትሪክሱ አንድ ሚሊዮን ሕዋስ ሲሆን ሊስቱ 800,000 ጎረቤት ይመዘግባል፤ ሊንክድ ሊስት ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ ፖይንተር ይጨመራል። ቁጠባው ትንሽ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ስለ ዳይክስትራም ያነሳል፦ በሂፕ ሲሠራ በከፋው ሁኔታ O(E log V) ስለሆነ፣ በዴንስ ግራፍ ላይ ሂፕ የሌለው ተራ የO(V²) አሠራር ይሻላል። ሂፕን ሁልጊዜ ፈጣን አድርጎ የሚያስብ ሰው ይህን አይጽፍም።

ከሁሉ የምወደው ግን ዴንስና ስፓርስ ብቻውን የማይፈታውን ጥያቄ ነው። ግራፉ ስፓርስ ነው፤ የሚጠየቀው ግን «በ`u` እና በ`v` መካከል ኤጅ አለ?» የሚል ነው፣ ያውም በተደጋጋሚ። ማትሪክስ አንድ ሕዋስ አይቶ ይመልሳል፤ ሊስት ጎረቤቶቹን ያስሳል። በመጀመሪያው ምሳሌ አንድ ኖድ በአማካይ 6 ጎረቤት ስላለው አሰሳው አይከብድም። ሆኖም አንዱ ኖድ ብቻውን 9,000 ጎረቤት ቢኖረውስ? አማካዩ ያንን ይደብቃል። እዚህ ላይ ለማትሪክስ 400 ሜጋባይት ከመክፈል ጎረቤቶቹን በአሬይ ደርድሮ ባይነሪ ሰርች መጠቀም ይቻላል፤ ቢበዛ 14 ንጽጽር ይበቃል። ኤጅ ሲጨመር ግን አሬዩን ማሸጋሸግ ግድ ስለሚሆን፣ ግራፉ ይለዋወጥ እንደሆነ ጥያቄው ውስጥ ፈልጎ ያላየ ተማሪ ይህን ምርጫ ቢጽፍም ግማሽ ነጥብ ነው የምሰጠው።